12 በመቶ ከ18 በመቶ ሲበልጥ፦ ሁለት ብድሮችን እንዴት እናወዳድር?

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ የምትሰፋ አንዲት ሴት አለች እንበል። ሁለት ተጨማሪ የስፌት መኪና ለመግዛት 60,000 ብር ያስፈልጋታል። ገንዘቡን በ12 ወር፣ በየወሩ እየከፈለች ልትጨርሰው አስባለች። ሁለት አበዳሪዎችን ጠየቀች። አንደኛው «ወለዳችን በዓመት 12 በመቶ ነው» አላት። ሁለተኛው ደግሞ 18 በመቶ አላት። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ጥያቄውን ጨርሶ ወደ 12ቱ ይሄዳል።

ችግሩ አንደኛው አበዳሪ የነገራት ቁጥር በፍላት የሚሰላ፣ የሁለተኛው ደግሞ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ መሆኑ ነው። ሁለቱም «በዓመት ይህን ያህል በመቶ» ተብለው ስለሚነገሩ አንድ ዓይነት መለኪያ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። አንዱ በሜትር ሌላው በክንድ እንደተለካ ጨርቅ ናቸው፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የትኛው እንደሚረዝም መናገር አይቻልም።

ፍላት እና ቀሪ ዕዳ ማለት ምን ማለት ነው?

በፍላት ስሌት ወለዱ የሚታሰበው መጀመሪያ በተበደሩት ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው፣ እስከ መጨረሻው ወር ድረስ። ከዕዳው ግማሹን ቢከፍሉም፣ አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛውን ቢከፍሉም፣ ወለዱ አሁንም በ60,000 ላይ ይቆጠራል።

በቀሪ ዕዳ ስሌት ግን ወለዱ የሚታሰበው በዚያ ወር እጅዎ ላይ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው። በከፈሉ ቁጥር ዕዳው ይቀንሳል፤ ዕዳው ሲቀንስ የሚቀጥለው ወር ወለድም አብሮ ይቀንሳል። በብድር ክፍሎች ውስጥ ይህን «ዲክላይኒንግ» ሲሉት ይሰማል።

በወንበር ኪራይ ብናየው ይቀላል። አንድ ሰው 60 ወንበር ለአንድ ዓመት ተከራየ፤ በየወሩም 5 ወንበር ይመልሳል። በቀሪ ዕዳው መንገድ በየወሩ ኪራይ የሚከፍለው እሱ ጋ ለቀሩት ወንበሮች ነው፦ መጀመሪያ ለ60፣ ቀጥሎ ለ55፣ ከዚያ ለ50፣ በመጨረሻው ወር ለ5። በፍላቱ መንገድ ግን 55ቱን መልሶ 5 ወንበር ብቻ ይዞ እያለም የ60 ወንበር ኪራይ ይከፍላል። የአንዱ ወንበር ኪራይ ረከስ ቢል እንኳ፣ የመለሷቸውን ወንበሮች ኪራይ መክፈል ሲደመር ይከብዳል።

እዚህ ላይ አንድ መቀላቀል ያጋጥማል። ፍላት ሲባል አንዳንዱ ሰው «የማይለወጥ ወለድ» ማለት ይመስለዋል። የማይለወጥ ወለድ ማለት አበዳሪው በመሃል ተነስቶ 18ቱን 20 አያደርገውም ማለት ነው። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ወለድም የማይለወጥ ሊሆን ይችላል።

60,000 ብሩ ሲሰላ የትኛው ይረክሳል?

ከፍላቱ እንነሳ፤ እሱ ለመስላት ቀላል ነው። የ60,000 ብር 12 በመቶ 7,200 ብር ነው። ብድሩ የአንድ ዓመት ስለሆነ አጠቃላይ ወለዱ ይኸው ነው። ዋናውና ወለዱ ተደምሮ 67,200 ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል በየወሩ 5,600 ብር።

ወደ 18 በመቶው ስንመጣ፣ የዓመቱ 18 በመቶ ለወሩ 1.5 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት በየወሩ እኩል እየከፈለች በ12 ወር እንድትጨርስ የሚያደርገው ክፍያ 5,500.80 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ዕዳዋ ሙሉ 60,000 ስለሆነ ወለዱ 900 ብር ይሆናል። ከከፈለችው ውስጥ የቀረው 4,600.80 ከዋናው ላይ ይቀነሳል፤ ዕዳዋ 55,399.20 ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወለዱ የዚህ 1.5 በመቶ ነው፣ ወደ 831 ብር። እንዲህ እየወረደ ሄዶ በመጨረሻው ወር ወለዱ 81 ብር ገደማ ብቻ ይሆናል። በ12ቱ ወር የተከፈለው ሲደመር ወደ 66,010 ብር ነው፤ ወለዱ 6,010 ብር ማለት ነው።

ስለዚህ 18 በመቶ የተባለው ብድር 12 በመቶ ከተባለው በ1,190 ብር ይረክሳል። ብሩ ያው 60,000 ነው፣ ጊዜውም ያው 12 ወር ነው፣ በየወሩ የሚከፈለውም በ100 ብር ገደማ ያነሰ ነው።

አንዳንድ አበዳሪ ደግሞ በቀሪ ዕዳ እያሰላ ዋናውን እኩል ይከፋፍለዋል፦ በየወሩ ከዋናው 5,000 ብር፣ ወለዱ በላዩ ላይ። ያኔ የመጀመሪያው ወር ክፍያ 5,900 ይሆንና እየቀነሰ በመጨረሻ 5,075 ላይ ይደርሳል። ጠቅላላ ወለዱ 5,850 ብር ነው፤ ዋናው ቶሎ ቶሎ ስለሚወርድ ትንሽ ይረክሳል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍያ ከበድ ስለሚል፣ አዲሶቹ መኪኖች ገና ሥራ ባልለመዱበት ጊዜ እንዳያስጨንቅ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

12ቱ በእውነተኛው መለኪያ ስንት ነው?

በየወሩ ዋናውን እየከፈለች የምትሄድ ተበዳሪ ዓመቱን ሙሉ 60,000 ብር እጇ ላይ የለም። የ12ቱ ወር አማካይ ሲወሰድ እጇ ላይ የቆየው ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለ ነው፤ ዋናው በእኩል ሲከፈል አማካዩ 32,500 ብር ይሆናል። 7,200 ብር ወለድ የከፈለችው በአማካይ ለያዘችው ለዚህ ገንዘብ ነው እንጂ ለ60,000 አይደለም። በዚህ ምክንያት 12 በመቶ ፍላት በቀሪ ዕዳ መለኪያ ሲተረጎም 21.5 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ባንኮኒው ፊት ቆመው በጭንቅላት ለመገመት የሚረዳ ግምታዊ መንገድ አለ። ብድሩ በየወሩ የሚከፈል፣ ዘመኑ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት፣ የፍላት ወለዱ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ ከሆነ፣ የፍላቱን ቁጥር በ1.8 ያባዙት። 10 በመቶ ፍላት 18 አካባቢ ይመጣል፤ 12ቱ 21 ተኩል አካባቢ። የቀሪ ዕዳው አበዳሪ ከተገኘው ቁጥር በታች ከጠየቀ ወለዱ ይረክሳል፤ በላይ ከጠየቀ ይወደዳል። ይህ ለግምት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ሙሉውን ስሌት መሥራት ይሻላል።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ ያለው ሰው ትክክለኛውን በአንድ መስመር ያገኘዋል። የመጀመሪያው መስመር የፍላቱን ብድር እውነተኛ ዓመታዊ ወለድ ያወጣል፤ ሁለተኛው የ18 በመቶውን ወርሃዊ ክፍያ።

```
=RATE(12,-5600,60000)*12
=PMT(18%/12,12,-60000)
```

በመጀመሪያው መስመር 12 የወራቱ ብዛት ነው፣ 5600 ወርሃዊ ክፍያው፣ 60000 ደግሞ የተቀበሉት ገንዘብ። ከክፍያው ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት ከተረሳ ስህተት ብሎ ይመልሳል። ውጤቱ 0.21 ብሎ ከታየ 21 በመቶ ማለት ነው፤ ሳጥኑን ወደ ፐርሰንት ሲቀይሩት አስርዮሹም ይታያል።

የቀረበልኝ ፍላት ይሁን የቀሪ ዕዳ በምን አውቃለሁ?

በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል፤ «ወለዱ የሚታሰበው በተበደርኩት ላይ ነው ወይስ በቀረብኝ ዕዳ ላይ?» ብሎ። ከቃል መልስ ይልቅ ግን የመክፈያ ሠንጠረዡን አሳትመው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ከመፈረም በፊት። በሠንጠረዡ ላይ በየወሩ የሚከፈለው ዋና፣ ወለድ እና ቀሪ ዕዳ ለየብቻ ተጽፈው ይገኛሉ። ዓይንዎን የወለዱ ረድፍ ላይ ያሳርፉ። ከላይ እስከ ታች 600፣ 600፣ 600 እያለ የሚወርድ ከሆነ ፍላት ነው። 900፣ 831 እያለ የሚቀንስ ከሆነ በቀሪ ዕዳ ላይ ነው።

ሠንጠረዡ ላይ ወለዱ እየቀነሰ ሲሄድ አይተው ብቻ ግን አይርኩ። የፍላትን 7,200 ብር መጀመሪያ ላይ አብዝቶ፣ መጨረሻ ላይ አሳንሶ ማከፋፈል ይቻላል፤ ድምሩ ግን ያው ነው። መፈተኛው ይኸውልዎ፦ የመጀመሪያውን ወር ወለድ ለተበደሩት ገንዘብ ያካፍሉና በ12 ያባዙ። የ900 ብሩ ለ60,000 ተካፍሎ በ12 ሲባዛ 18 በመቶ ይመጣል፤ ከተነገረው ጋር ይገጥማል። የተነገረዎት 12 በመቶ ሆኖ ስሌቱ 21 ወይም 22 ካመጣ፣ የቀነሰ የሚመስለው ፍላት ነው።

ሠንጠረዥ የለም ከተባለም መንገድ አለ። «በየወሩ ስንት እከፍላለሁ? ለስንት ወር?» ብለው ሁለቱን ያባዙ፤ ከውጤቱ ላይ የተበደሩትን ይቀንሱ። የቀረው የወለዱ ዋጋ ነው፣ ስሙ ምንም ይባል።

የአገልግሎት ክፍያና ሌሎች ተቀናሾችስ?

ከላይ ያለው ንጽጽር እዚህ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። አበዳሪዎች ከወለድ ሌላ የአገልግሎት ክፍያ፣ የብድር መድን፣ የማመልከቻና የዋስትና ማስመዝገቢያ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከብድሩ ላይ ተቀንሰው ስለሚወሰዱ ሰው እንደ ወጪ አይቆጥራቸውም።

የደሴዋን ልብስ ሰፊ ሁለት ብድሮች እንደገና እንይ። የፍላቱ አበዳሪ 1 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳል እንበል፣ 600 ብር። የቀሪ ዕዳው አበዳሪ 2 በመቶ፣ 1,200 ብር። አሁን የፍላቱ ጠቅላላ ወጪ 7,800 ብር ሆነ፤ የሌላው 7,210። ልዩነቱ ከ1,190 ወደ 590 ብር ወረደ። የቀሪ ዕዳው አበዳሪ 3 በመቶ ቢያስከፍል ኖሮ 7,810 ብር ይሆንና ጥቅሙ ጨርሶ ይጠፋ ነበር። እንዲያውም ቀድሞ የሚቆረጥ ብር በወራት ከሚከፋፈል ብር ይከብዳል፤ መኪኖቹን ለመግዛት ባሰበችበት ቀን እጇ ላይ የሚደርሰው 60,000 ሳይሆን 58,200 ብር ነውና።

ስለዚህ ተቀናሽ ካለ በኤክሴሉ መስመር ላይ 60000 ባለበት ቦታ በትክክል እጅዎ ላይ የሚደርሰውን ይጻፉ። ለፍላቱ 59400 ሲገባ ውጤቱ ወደ 23.4 በመቶ ይወጣል። ለቀሪ ዕዳው (ወርሃዊ ክፍያ 5500.8፣ በእጅ 58800) 21.9 በመቶ ይመጣል። አሁን ሁለቱም በአንድ ሜትር ተለክተዋል።

የግዴታ ቁጠባ ሌላው ነው። አበዳሪው «ከብድሩ 10 በመቶ ቆጥበህ ትይዛለህ፣ ብድሩ ሲያልቅ ትወስዳለህ» ካለ፣ ተበዳሪው የሚሠራው በ54,000 ብር ሆኖ ወለድ የሚከፍለው ግን ለ60,000 ነው። ገንዘቡ ስለሚመለስ እንደ አገልግሎት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ወጪ አይባልም። በፍላቱ 12 በመቶ የ6,000 ብሩ ወለድ 720 ብር ነው፤ ቁጠባው በዓመት 7 በመቶ ቢያስገኝ 420 ብር ይመለሳል፤ 300 ብሩ ንጹሕ ወጪ ነው። ከዚያ በላይ የሚጎዳው፣ በቂ መስሎት የተበደረው ገንዘብ ለዕቃው ሳይበቃ መቅረቱ ነው።

ታዲያ ፍላት ሁልጊዜ ይወደዳል?

አይደለም፤ ይህን ሳያዩ መቅረት ደግሞ ለገበሬና ለከብት አድላቢ ኪሳራ ነው። የፍላት ክብደት የሚመጣው ዋናው እየተከፈለ ወለዱ ግን ሳይቀንስ በመቅረቱ ነው። ብድሩ በየወሩ የማይከፈል፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ የሚመለስ ከሆነ ግን ዕዳው እስከ መጨረሻው ቀን ያው ሙሉው ነው። ወንበሮቹ አንድም አልተመለሱም። ያኔ በፍላትና በቀሪ ዕዳ መካከል ልዩነት የለም፤ ትንሹ ቁጥር በእርግጥም ትንሽ ነው።

ከባቲ ሰኞ ገበያ ሰንጋ ገዝቶ የሚያደልብ ሰው 60,000 ብር ለ6 ወር ወስዶ በሬዎቹን ሲሸጥ በአንድ ጊዜ የሚመልስ ቢሆን፣ በ12 በመቶ ፍላት የግማሽ ዓመቱ ወለድ 3,600 ብር ነው። በ18 በመቶ ደግሞ፣ ወለዱ በየወሩ ዋናው ላይ እየተደመረ ካልሄደ፣ 5,400 ብር ይሆናል። እዚህ በ1.8 ማባዛት አይሠራም። ቆቦ ላይ ለመስኖ ሽንኩርት ተበድሮ በምርት ጊዜ ለሚመልስም ነገሩ ይኸው ነው። ከመወሰን በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋናውን የምመልሰው መቼ መቼ ነው?» የሚለው መሆን አለበት።

የብድሮቹ ዘመን ቢለያይስ?

ጠቅላላ ብርን ከጠቅላላ ብር ማወዳደር የሚያስኬደው መጠኑም ጊዜውም እኩል ሲሆን ነው። ያው 60,000 ብር በ18 በመቶ ቀሪ ዕዳ ለ24 ወር ቢወሰድ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 2,995 ብር ይወርዳል፤ ጠቅላላ ወለዱ ግን ወደ 11,890 ብር ይወጣል። ከፍላቱ 7,200 ጋር ሲታይ ውድ ይመስላል። ውድ አይደለም፤ ገንዘቡ እጥፍ ጊዜ ስለቆየ ነው። በዚያው 12 በመቶ ፍላት ለ24 ወር ቢሆን ወለዱ 14,400 ይደርስ ነበር። ዘመናቸው የተለያየ ሁለት ብድሮች ከቀረቡልዎት ወይ ሁለቱንም አበዳሪዎች ለአንድ ዓይነት ጊዜ እንዲያሰሉልዎት ይጠይቁ፣ ወይ በ RATE መስመሩ ወደ ዓመታዊ በመቶ ይቀይሯቸው። ትልቁ ጥንቃቄ ወርሃዊ ክፍያው ስላነሰ ብቻ ብድሩ ረከሰ ብሎ አለመገመት ነው።

ከወለድ ነጻ የሚቀርበውን ከእነዚህ ጋር ማነጻጸር ይቻላል?

በወሎ ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። በሙራባሓ አቅራቢው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ ይሸጥልዎታል። ሽያጭ እንጂ የወለድ ብድር አይደለም፤ ምርጫውም ከዋጋ በላይ የሆነ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ወጪውን ብቻ ለማወቅ ለሚፈልግ ግን አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ትርፉ በመቶ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በዕቃው ሙሉ ዋጋ ላይ ነው፣ በሒሳቡ ከፍላት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በቀሪ ዕዳ ከሚሰላ ብድር ጋር ሲወዳደር በመቶዎቹን ጎን ለጎን በማስቀመጥ ሳይሆን፣ በብር ድምር ይተያያል።

ቀድሜ ብጨርስስ?

የሁለቱ ስሌቶች ልዩነት በጣም የሚታየው እዚህ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከ6 ወር በኋላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሥራ አግኝታ ሙሉውን ልትዘጋ ፈለገች እንበል። በቀሪ ዕዳ ከሆነ ስድስተኛውን ክፍያ እንደከፈለች የቀረባት ዕዳ 31,339 ብር ነው። ይህን ከፍላ ትወጣለች። የቀሩት ስድስት ክፍያዎች ድምር 33,005 ስለነበር 1,666 ብር ወለድ ይቀርላታል።

በፍላት ከሆነ መልሱ የሚገኘው ውሉ ላይ ነው። አበዳሪው የቀሪዎቹን ወራት ወለድ ከተወ ዋናውን 30,000 ብር ብቻ ትከፍላለች። ወለዱ ሙሉውን ይከፈላል የሚል ውል ከሆነ ግን 33,600 ብር ትጠየቃለች፤ ቀድማ በመክፈሏ ያተረፈችው አንድ ብር የለም። በሁለቱም ዓይነት ብድር አንዳንድ ውሎች ቀድሞ ለመዝጋት ተጨማሪ ክፍያ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ከመፈረም በፊት «በስድስተኛው ወር ልዝጋ ብል ስንት ብር እከፍላለሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚሰጥዎት መልስ ቁጥር ይሁን፤ ቁጥሩም የሚገኝበትን የውሉን አንቀጽ በጣታቸው እንዲያሳዩዎት ያድርጉ።